አንቀጽ የሚጠቅስ የፈቃድ ማመልከቻ፦ የዓመት ዕረፍትን ያለ ክርክር ስለመጠየቅ

በኢትዮጵያ የግል ድርጅቶች ውስጥ የሚሠራ ሰው ዕረፍት ሲጠይቅ ሁለት ዓይነት ማመልከቻ ይጽፋል። አንደኛው ሕግን ጨርሶ የማያነሣ፣ ልመና የሚመስል ወረቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ገና በመጀመሪያው መስመር የአዋጅ ቁጥርና አንቀጽ የሚደረድር፣ ለፍርድ ቤት የተዘጋጀ አቤቱታ የሚመስል ወረቀት ነው። የመጀመሪያው በኃላፊው መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ ስለሚንጠለጠል በቀላሉ ይረሳል። ሁለተኛው ደግሞ «ሕግ ጠቀሰብኝ» የሚለውን ቅሬታ ቀስቅሶ፣ በአንድ ፊርማ ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ ወደ ሕግ አማካሪው ጠረጴዛ ይልከዋል። «በሕግ አምላክ» ብሎ ሰውን ባለበት ማስቆም የተለመደ በነበረበት አገር፣ ሕግን በሰው ፊት መጥራት ክስ መስሎ ቢሰማ የሚያስገርም አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ግን የማመልከቻው ሻካራነት ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንቀጽ በመጠቀሱ ሳይሆን፣ የተጠቀሰው አንቀጽ ከሚሰጠው በላይ እንደሚሰጥ ተደርጎ በመጠቀሱ ነው የሚል ነው። ሕጉ ለሠራተኛው ምን እንደሰጠና ለአሠሪው ምን እንደተወ ለይቶ ያወቀ ጸሐፊ ቃላቱን ለማለስለስ ብዙ አይደክምም፣ ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር በራሱ ለዘብ ያለ ሆኖ ይገኛልና። ሐሳቡን በተጨባጭ ለማየት እንዲያመች፣ የፈቃድ ዓይነቶችን ሁሉ ከመዘርዘር ይልቅ አንዱን፣ ይኸውም የዓመት ዕረፍትን፣ በተለይም ከዓመት ወደ ዓመት የተላለፈውን ዕረፍት መያዝ ይበቃል።

ጉዳዩን የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ቀደም ሲል ሲሠራበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 ተክቷል፤ ሆኖም የድሮ ማመልከቻ ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ ስለሚዞር፣ የተሻረውን አዋጅ የሚጠቅሱ ወረቀቶች ዛሬም ይገኛሉ። ይህ የቁጥር ስሕተት ብቻ አይደለም። በድሮው አዋጅ የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት 14 የሥራ ቀናት ሆኖ በየተጨማሪው ዓመት አንድ ቀን ይታከል ነበር። በአዲሱ ግን 16 የሥራ ቀናት ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይታከላል። አምስት ዓመት ላገለገለ ሰው ሁለቱም ስሌት 18 ቀን ላይ ይገናኛል፤ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ግን የድሮው 22፣ የአዲሱ 20 ይሆናል። በሕብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ የሥራ ደንብ የተሻለ ነገር ካልተሰጠ በቀር፣ በተሻረ ሕግ 22 ቀን የጠየቀ ሠራተኛ ከሰው ሀብት ክፍል የሚያገኘው የመጀመሪያ መልስ እርማት ነው፤ እርማት የተጀመረበት ማመልከቻ ደግሞ በቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ላይ ጉልበት ያጣል።

አዋጁ ሁሉንም ተቀጣሪ እንደማይመለከትም መታወቅ አለበት። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ነው፤ የሥራ መሪ የሚባለው፣ ማለትም የድርጅቱን አመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን የተሰጠው ሰውም ከአዋጁ ውጭ ነው።

የዓመት ዕረፍትን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች በዋናነት ከአንቀጽ 76 እስከ 79 ያሉት ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ባሕርይ የተለያየ ነው። አንቀጽ 76 ሠራተኛው ዕረፍቱን ለመተው የሚገባው ስምምነት ዋጋ እንደሌለው፣ አዋጁ ከፈቀደው ሁኔታ ውጭም በዕረፍት ፋንታ ገንዘብ መክፈል የተከለከለ መሆኑን ይደነግጋል። (በነገራችን ላይ፣ ሥራ ላይ እያለ ዕረፍቱ በገንዘብ እንዲለወጥለት የሚጽፍ ሠራተኛ ይህን አንቀጽ ከመጥቀሱ በፊት ቢያነብበው ይሻለዋል፤ የሚከለክለው እሱ የጠየቀውን ነውና።) አንቀጽ 77 የቀናቱን ብዛት ይወስናል። ይህ ስሌት ነው፣ አሠሪው ሊቀንሰው አይችልም።

አንቀጽ 78 ላይ ነገሩ ይለወጣል። ሠራተኛው የመጀመሪያ ዕረፍቱን የሚያገኘው አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ሲሆን፣ ቀጣዮቹን ደግሞ በየዓመቱ ውስጥ ያገኛል። መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ግን የዕረፍት ፕሮግራም ነው፣ ፕሮግራሙን የሚያወጣውም አሠሪው ነው። ሕጉ አሠሪውን የሚያዝዘው ፕሮግራሙን ሲያወጣ በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎትና የድርጅቱ ሥራ በተለመደው አኳኋን የመቀጠሉን አስፈላጊነት እንዲያገናዝብ ነው። አንቀጽ 79 ደግሞ ዕረፍት ስለሚከፈልበትና ስለሚተላለፍበት ሁኔታ ይናገራል። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ሲስማማ ዕረፍቱ ለሁለት ተከፍሎ ሊሰጥ ወይም ሊተላለፍ ይችላል። የሥራው ሁኔታ ሲያስገድድ አሠሪውም በራሱ ሊያስተላልፈው ይችላል። ይሁን እንጂ በንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የተላለፈ ዕረፍት ከሁለት ዓመት በላይ ሊራዘም አይችልም።

እንግዲህ «በአንቀጽ 77 መሠረት ከሰኔ 2 ቀን ጀምሮ ዕረፍት ልወጣ ይገባኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ትዕቢተኛ የሚመስለው ቃሉ ስለከበደ ብቻ አይደለም፤ ትክክል ስላልሆነም ነው። አንቀጽ 77 ቀናት እንጂ ቀን አይሰጥም። የቀኑ ምርጫ በአንቀጽ 78 ለአሠሪው ተትቷል፣ ያም ሆኖ ያለ ገደብ አልተተወም። ኃላፊው ሕጉን ባያውቀው እንኳን ማመልከቻው የእሱን የመወሰን ድርሻ እንደነጠቀው ይሰማዋል፤ ቢያውቀው ደግሞ ጸሐፊው እንዳልገባው ይረዳል። በሁለቱም መንገድ ተሸናፊው አመልካቹ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ ለማየት፣ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተቀጠረች የመጋዘን ሠራተኛ ትታሰብ። በመስከረም 2015 ሦስተኛ ዓመቷን ስለጨረሰች የዚያ ዓመት ዕረፍቷ 17 የሥራ ቀናት ነው፤ 16ቱ መነሻ፣ አንዱ ለተጨማሪው ሁለት ዓመት የታከለ ነው። በፕሮግራሙ መሠረት ሰኔ 26 ቀን 2015 ልትወጣ ተይዞላት ሳለ፣ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ የንብረት ቆጠራ ስለደረሰ ዕረፍቷ በደብዳቤ ተላለፈ። የ2016ቱን በወቅቱ ወስዳለች፤ የ2015ቱ ግን አሁንም አልተወሰደም፣ ጊዜውም ሚያዝያ 2017 ሆኗል። የተላለፈው ዕረፍት ከተያዘለት ቀን ተነሥቶ ሲቆጠር የሁለት ዓመቱ ጣሪያ ሰኔ 26 ቀን 2017 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ አራት ቀን ቆይቶ ደግሞ የዘንድሮው በጀት ዓመት ይዘጋል። ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ወር ውስጥ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ይህች ሠራተኛ በብስጭት የምትጽፈው የመጀመሪያ ረቂቅ ብዙውን ጊዜ የሚከተለውን ይመስላል፦ «በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 77 እና 79 የዓመት ዕረፍት መብቴ ሆኖ ሳለ ድርጅቱ ለሁለት ዓመት ከልክሎኛል። ስለዚህ ከሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአስቸኳይ እንዲፈቀድልኝ እያሳሰብኩ፣ ይህ ካልሆነ መብቴን በሕግ የማስከብር መሆኔን አስታውቃለሁ።» ከግርጌው ደግሞ ግልባጭ ለሠራተኛ ማኅበሩና ለክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይላል።

በዚህ ረቂቅ ውስጥ ትልቁ ስሕተት «ከልክሎኛል» የሚለው ነው። ድርጅቱ አልከለከለም፣ አስተላልፏል፤ ማስተላለፍ ደግሞ የተጠቀሰው አንቀጽ 79 ራሱ የፈቀደለት ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ድርጅቱ ያላጠፋውን ጥፋት ይለጥፍበታል፣ የሚያነብበውም ሰው ስለ ሰኔ 2 ከማሰቡ በፊት ራሱን ለመከላከል ይነሣል። «እያሳሰብኩ» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤት ልማድ ከበላይ ወደ በታች የሚሄድ ደብዳቤ ቃል ነው፤ ከሠራተኛ ወደ ኃላፊ ሲጻፍ ቦታ ይገለብጣል። «ይህ ካልሆነ» የሚለው ደግሞ ገና ያልተሰጠውን እምቢታ እንደተሰጠ ይቆጥራል።

ግልባጩ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ብዙ ሰው ስለ ደብዳቤው ሐተታ ሲጨነቅ ግርጌውን ይዘነጋል፤ ኃላፊዎች ግን ደብዳቤን ከግርጌው ጀምረው የማንበብ ልማድ አላቸው፤ ጉዳዩን ሌላ ማን እንዳወቀው የሚነግራቸው እሱ ነውና። በመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ለውጭ መሥሪያ ቤት የሚላክ ግልባጭ የቱንም ያህል ትሑት የሆነ ሐተታ ያፈርሳል። ለመጀመሪያ የዕረፍት ማመልከቻ ተገቢው ግልባጭ የቅርብ ኃላፊውና የሰው ሀብት ክፍሉ ናቸው፣ ከዚያ አያልፍም።

ያችው ሠራተኛ፣ ያንኑ አንቀጽ ሳትተው፣ ደብዳቤውን እንደሚከተለው ልትጽፈው ትችላለች። ጉዳዩ፦ የተላለፈ የ2015 ዓ.ም. የዓመት ዕረፍት ስለመጠየቅ። «በ2015 ዓ.ም. ልወስደው የነበረው የ17 የሥራ ቀናት ዕረፍት በወቅቱ በነበረው የንብረት ቆጠራ ምክንያት የተላለፈ መሆኑ ከዚህ ጋር በተያያዘው ደብዳቤ ተገልጿል። ይህንኑ ዕረፍት ከሰኔ 2 እስከ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እንድወስድ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጊዜውን የመረጥኩት የዘንድሮው ቆጠራ ሳይጀመር በሥራ ገበታዬ ላይ እንድገኝ፣ እንዲሁም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 79(4) ለተላለፈ ዕረፍት የተቀመጠው የሁለት ዓመት ጊዜ ሳያልፍ እንዲጠናቀቅ በማሰብ ነው። በማልኖርበት ጊዜ ሥራዬን የክፍላችን ባልደረባ ሊሸፍንልኝ ተስማምቷል፤ ርክክቡን ከመውጣቴ በፊት ባለው ሳምንት እናጠናቅቃለን። የተጠቀሰው ጊዜ ለሥራው የማይመች ሆኖ ከተገኘ፣ ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ያለውን ሌላ ጊዜም ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።»

በሁለተኛው ደብዳቤ ውስጥ የተጠቀሰው አንቀጽ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የመጣው ጥያቄው ከቀረበ በኋላ፣ በሦስተኛው ዐረፍተ ነገር፣ ለቀኑ ምርጫ ምክንያት ሆኖ ነው። አንቀጽ 77 አልተጠቀሰም፤ የ17 ቀን ስሌት ላይ ክርክር የለምና፣ ያልተካደን ነገር በሕግ ማስደገፍ ክርክርን መጋበዝ ነው። የተጠቀሰው አንቀጽ 79(4) ደግሞ «መብቴ» በሚል ባለቤት አልቀረበም። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ጊዜው ነው፣ ጊዜው ደግሞ አሠሪውንም ሠራተኛዋንም እኩል ያስራል። አንቀጹ በዚህ አኳኋን ሲቀርብ ለሰው ሀብት ባለሙያው መሣሪያ ይሆንለታል። ባለሙያው ጥያቄውን ለሥራ አስኪያጁ ሲያቀርብ «ለምን አሁን?» ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ በእጁ ይዟል፤ ለሠራተኛዋ አድልተሃል ከሚል ወቀሳም ይድናል።

የደብዳቤው ሌላ ብርታት የአንቀጽ 78ን ሐሳብ ቁጥሩን ሳይጠራ መፈጸሙ ነው። ሕጉ አሠሪው የሁለቱን ወገን ጥቅም እንዲያገናዝብ ይጠይቃል፤ ደብዳቤው የድርጅቱን ጥቅም፣ ማለትም ቆጠራውን፣ ርክክቡንና ተተኪውን፣ ሠርቶ ስላቀረበ አሠሪው በሥራው ሁኔታ አስገዳጅነት እንደገና ለማስተላለፍ የሚያነሣው ምክንያት አስቀድሞ ይጠባል። ቀናቱም በትክክል ተቆጥረዋል፦ ፋብሪካው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚሠራ ከሆነ፣ ከሰኞ ሰኔ 2 እስከ ዓርብ ሰኔ 20 ቀን 2017 ያሉት የሥራ ቀናት እሑዶቹ ሲወጡ 17 ናቸው፤ ቅዳሜ ሰኔ 21 ሠራተኛዋ ሥራ ትገባለች። የሥራ ቀንን ከተራ ቀን ጋር ማምታታት በእንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ላይ ከሚታዩት ስሕተቶች ሁሉ የበዛው ሳይሆን አይቀርም። ያመታታ ሰው ሕጉን በትክክል ቢጠቅስም የመመለሻ ቀኑ ስለሚሳሳት ወረቀቱ ይመለስበታል።

የ2017ቱን ዕረፍት፣ ማለትም አምስተኛ ዓመቷን በመጨረሷ ያገኘችውን 18 ቀን፣ ከዚህ ጋር አለመደመሯም ሆን ተብሎ ነው። 35 የሥራ ቀናት በአንድ ጊዜ ቢጠየቁ በሁለት ዓመቱ ጣሪያ የሚገዛው 17 ብቻ ስለሆነ፣ ጠንካራው ጥያቄ ከደካማው ጋር ታስሮ አብሮ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ የወረቀቱ ነገር ነው፤ በተግባር ግን ወረቀቱ መምጣት ያለበት ሁለተኛ ነው። በአብዛኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊን ሳያናግሩ ማመልከቻን በቀጥታ መዝገብ ቤት ማስገባት፣ ውስጡ ምንም ይሁን ምን፣ ከጀርባ እንደ መዞር ይቆጠራል። «ጋሼ፣ ያለፈችው ዕረፍቴ ሁለት ዓመት ልትሞላ ነው፤ ከቆጠራው በፊት ብወጣ ይመችዎታል ወይ?» የምትል አጭር ቃል ለሚመጣው ደብዳቤ መንገድ ትጠርጋለች። ደብዳቤው ከገባ በኋላ ደግሞ በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱን ቀንና ማኅተም ማስደረግ ተገቢ ነው። ይህ የተለመደ የቢሮ ሥርዓት እንጂ የጥርጣሬ ምልክት አይደለም፤ አንቀጹን ከመጥቀስ ይልቅ ኋላ የሚጠቅመውም ይኸው ማኅተም ነው።

የቤተሰብ ጉዳይ ፈቃድ ባሕርዩ ከዓመት ዕረፍት ስለሚለይ አጻጻፉም ይለያል። በአንቀጽ 81 ሠራተኛው ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው አለዚያም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞት ሦስት የሥራ ቀናት ከክፍያ ጋር ያገኛል፤ አባት ለሆነ ሠራተኛም ሦስት ተከታታይ ቀናት ከሙሉ ደመወዝ ጋር ተፈቅደዋል። እዚህ ላይ ቀኑን የሚመርጠው አሠሪው አይደለም፣ ጉዳዩ ራሱ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ማስታወቂያ ይመስላል፣ ቢመስልም አያስቀይምም። ከሠራተኛው የሚጠበቀው ነገር በአንቀጽ 84 የተቀመጠው ነው፦ ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲያስታውቅና አሠሪው ሲጠይቅ ማስረጃ እንዲያቀርብ። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ስልክ ደውሎ ከተናገረ በኋላ አንቀጹን ሲመለስ በሚሞላው ቅጽ ላይ ቢጽፈው ይበቃል። ሟቹ ከተጠቀሰው የዝምድና ደረጃ ውጭ ከሆነ ግን የሦስቱን ቀን ድንጋጌ አጣምሞ ከመጥቀስ፣ ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን የሚፈቅደውን የአንቀጽ 81 ንዑስ አንቀጽ 3 በቅንነት መጥራት ይሻላል፤ ይህም በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ እንደማይሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ለስላሳው አጻጻፍ ወሰን እንዳለውም አብሮ መነገር አለበት። የመጋዘን ሠራተኛዋ ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ግንቦት ቢጋመስ፣ ሁለተኛው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ጠቅሶ በተጠየቀው ጊዜ ላይ ወይም ከሰኔ 26 በፊት ባለ ሌላ ጊዜ ላይ በጽሑፍ ውሳኔ እንዲሰጥ ይጠይቃል። «በጽሑፍ» የሚለው ቃል ከዛቻ ይልቅ ሥራ ይሠራል፤ የቃል «ቆይ እናያለን» የማያስጠይቀውን ያህል፣ ከጣሪያው በኋላ ያለ ቀን የሰፈረበት ደብዳቤ ፈራሚውን ያስጠይቃልና፣ ለሕግ ክፍል ቀርቦ የሚታረመው ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካለ፣ ግልባጩ ቦታውን የሚያገኘው በዚህ ደረጃ ነው። ከዚያም አልፎ እምቢታው ከጸና፣ ዕረፍትን የሚመለከት የግል ክርክርን አዋጁ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሰጥቶታል፤ ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡም በአንቀጽ 26 መሠረት ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በዚያ ችሎት ፊት ዳኛው የሚመለከታቸው ወረቀቶች የማስተላለፊያው ደብዳቤ፣ ማኅተም ያረፈበት የሚያዝያው ማመልከቻና የግንቦቱ ማስታወሻ ሲሆኑ፣ አመልካቿ ለቆጠራው እንድትደርስ ቀኗን እንደመረጠችና ሌላ ጊዜም ለመቀበል ዝግጁ እንደነበረች የሚያሳየው ያ ለዘብ ያለው ደብዳቤ ነው።